ኮሚቴው ፊት የሚደርሰው ገጽ

አንድ አነስተኛ ድርጅት ለባንክ የሚያቀርበው የብድር ጥናት ብዙ ጊዜ ወፍራም ጥራዝ ነው። የገበያ ጥናቱ፣ የማሽኑ ዝርዝር፣ የአምስት ዓመት የገንዘብ ፍሰቱ፣ የንግድ ፈቃዱና የካርታው ቅጂ ሲደመሩ 40 እና 50 ገጽ ይሞላሉ። ከፊት የሚመጣው አንድ ወይም ሁለት ገጽ ማጠቃለያ ነው፤ የጥናት ባለሙያዎች ኤግዝኪዩቲቭ ሰመሪ የሚሉት። ብድር ጠያቂው ይህን ገጽ እንደ መግቢያ ስለሚያየው ለአጥኚው ይተወዋል፤ አጥኚው ደግሞ መጨረሻ ላይ ሲቸኩል ከየምዕራፉ አንድ አንድ አንቀጽ ቀድቶ ይሞላዋል።

ይህ ገጽ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ጥራዙ ባንክ ከገባ በኋላ የሚሄድበትን መንገድ መከተል ይሻላል። ሰነዱን የሚቀበለው የቅርንጫፉ ሠራተኛ ነው። ገንዘቡ ከፍ ያለ ከሆነ ግን ውሳኔው ከቅርንጫፉ ሥልጣን ያልፍና ወደ ዲስትሪክት ወይም ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የብድር ኮሚቴ ይሄዳል። ኮሚቴው በአንድ ስብሰባ ብዙ ጥያቄዎች ያያል። ፊቱ የሚቀርበውም የነጋዴው ጥራዝ ሳይሆን የባንኩ የብድር ተንታኝ ያዘጋጀው የጥቂት ገጽ ሰነድ ነው፤ ጥራዙ አባሪ ሆኖ ከሥር ይቀመጣል። ነጋዴው ስብሰባው ላይ የለም፤ ስለ እሱ የሚናገረው ተንታኙ ነው። እንግዲህ የጥናቱ ማጠቃለያ ዋና አንባቢ ይህ ተንታኝ ነው ማለት ነው። ገጹን የሚያነበው ሊደሰትበት ሳይሆን የራሱን ሰነድ ሊጽፍበት ነው።

ተንታኙ የሚሞላው ሰነድ ከባንክ ባንክ መልኩ ቢለያይም የሚጠይቀው ያው ነው። ማን ነው የሚበደረው? ስንት? ለምን? ከየት አምጥቶ ይከፍላል? ያሰበው ካልሆነለት ባንኩ በምን ገንዘቡን ያስመልሳል? ከራሱስ ምን ያህል አስገባ? ለእነዚህ መልሱ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ተጽፎ ካገኘው ወደ ራሱ ሰነድ ያሻግረዋል። ካላገኘው ከ40 ገጽ ውስጥ ይፈልጋል፤ ሲፈልግም የሚያገኘው ቁጥር ነጋዴው የፈለገው ላይሆን ይችላል።

ነገሩን በምሳሌ ብናየው ይሻላል። ቢሾፍቱ ላይ የዶሮ መኖ የምታመርት አንዲት ነጋዴ አለች እንበል። ቢሾፍቱን የመረጥኩት አካባቢው የዶሮ እርባታ የበዛበት ስለሆነ ነው፤ ቁጥሮቹን ግን ሒሳቡ እንዲቀል እኔ ያስቀመጥኳቸው ናቸው። ነጋዴዋ በቆሎ፣ አኩሪ አተርና የኑግ ፋጉሎ ፈጭታና ደባልቃ በወር 600 ኩንታል ትሸጣለች። ያላት መፍጫ ከዚህ በላይ አይችልም። አዲስ መፍጫና ማደባለቂያ ገዝታ በወር እስከ 1,200 ኩንታል ማምረት ትፈልጋለች። ጥናቱን ያሠራችው ገንዘብ ከፍላ ነው፤ ማጠቃለያው የሚጀምረው እንዲህ ነው፦

«ሀገራችን ኢትዮጵያ በእንስሳት ሀብቷ ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ከሕዝብ ቁጥር ዕድገት ጋር ተያይዞ የእንቁላልና የዶሮ ሥጋ ፍላጎት ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጨመረ ይገኛል። ድርጅታችን ይህን ሰፊ የገበያ ክፍተት በመገንዘብ ዘመናዊ የመኖ ማቀነባበሪያ በመትከል፣ ለበርካታ ዜጎች የሥራ ዕድል በመፍጠርና ለሀገር ዕድገት የበኩሉን አስተዋጽኦ በማበርከት አትራፊና ተወዳዳሪ ለመሆን አቅዷል…»

ሐሰት የለበትም፤ ግን ተንታኙ ከዚህ ውስጥ ወደ ራሱ ሰነድ የሚያሻግረው አንድም ነገር የለም። ያው አንቀጽ ለወተት ማቀነባበሪያም፣ ለብሎኬት ማምረቻም ጥቂት ቃል ተቀይሮ ይሠራል፤ ባንክ ውስጥ የቆየ ሰው ደግሞ ይህን አንቀጽ በብዙ ጥራዝ ላይ አንብቦታል። አንዳንዴ አጥኚው ከሌላ ደንበኛ ጥናት ሲቀዳ የሌላ ከተማ ስም ሳያጠፋ ይቀራል። ያን ጊዜ ጥርጣሬው ወደ ገንዘብ ፍሰቱም ይሻገራል፤ ከተማውን ያልለወጠ ሰው ቁጥሩን ለወጠው ብሎ ማን ያምናል?

አሁን ያንኑ ማጠቃለያ ለተንታኙ ብለን እንጻፈው።

«አመልካቿ ላለፉት ስድስት ዓመታት በቢሾፍቱ የዶሮ መኖ ስታመርትና ስትሸጥ የቆየች ግለሰብ ነጋዴ ናት። በአሁኑ ጊዜ በወር 600 ኩንታል በአማካይ በ5,000 ብር ትሸጣለች፤ የዓመት ሽያጯ 36 ሚሊዮን ብር ነው። የምትጠይቀው 3.5 ሚሊዮን ብር ሲሆን ከ6 ወር የእፎይታ ጊዜ በኋላ በ5 ዓመት ውስጥ በየወሩ የሚከፈል ነው።

ገንዘቡ የማምረት አቅምን ከ600 ወደ 1,200 ኩንታል ለማሳደግ ይውላል። ጠቅላላ ወጪው 5 ሚሊዮን ብር ነው፤ 3.2 ሚሊዮኑ ለመፍጫና ማደባለቂያ፣ 400 ሺሁ ለመጠለያና ለኤሌክትሪክ ዝርጋታ፣ 1.4 ሚሊዮኑ ለተጨማሪው ምርት የሦስት ሳምንት ያህል ጥሬ ዕቃ መግዣ። ከዚህ ውስጥ አመልካቿ 1.5 ሚሊዮኑን (30 በመቶ) ትሸፍናለች፤ የመጠለያውና የዝርጋታው ሥራ በራሷ ወጪ ተጠናቋል፤ ቀሪው 1.1 ሚሊዮን በሒሳቧ ውስጥ ይገኛል።

አዲሱ ማሽን ሥራ ሲጀምር በወር 1,000 ኩንታል ለመሸጥ ታቅዷል። ከተጨማሪው 400 ኩንታል 280ው በድምሩ 8,000 የእንቁላል ዶሮ ካላቸው አራት አርቢዎች ጋር የጽሑፍ ስምምነት የተደረገበት ነው። ከአንድ ኩንታል ጥሬ ዕቃ፣ ከረጢትና መብራት ተቀንሶ 450 ብር ይቀራል። ከዚህ ላይ ደመወዝ፣ ኪራይና ግብር ሲነሣ በወር ወደ 190 ሺህ ብር ለብድር ክፍያ የሚሆን ገንዘብ ይተርፋል። የወር ክፍያው በ18 በመቶ ወለድ ሲሰላ ወደ 89 ሺህ ብር ነው። ሽያጩ ወደ 700 ኩንታል ቢወርድ ወይም የኩንታል ትርፉ ወደ 300 ብር ቢቀንስ ክፍያው አይቋረጥም። በእፎይታው ጊዜ የሚከፈለው ወለድ በወር 52,500 ብር ሲሆን አሁን ካለው ሥራ ይሸፈናል።

ለመያዣ የቀረበው በአመልካቿና በባለቤቷ ስም የተመዘገበ በቢሾፍቱ ከተማ የሚገኝ መኖሪያ ቤት ነው፤ ባለቤቷ ተስማምተዋል። አመልካቿ በሌላ ባንክ ያለባት ብድር የለም።»

ይህ አንድ ገጽ ነው። ስለ ሀገር ዕድገት የሚናገር ነገር የለውም፤ የሥራ ዕድልም አልተነሣም። ለልማት ተብሎ በልዩ ሁኔታ ለሚሰጥ ብድር የሥራ ዕድሉ መጻፍ አለበት፤ መስፈርቱ ውስጥ ስላለ። ለተራ የንግድ ባንክ ብድር ግን ወደ ውስጠኛው ምዕራፍ ቢሄድ አይጎዳም።

የገጹን ክብደት የተሸከመው የመክፈያው አንቀጽ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ላይ ትንሽ እንቆይ። ብዙ ማጠቃለያ የሚያሳየው ሽያጭን ነው፤ 36 ሚሊዮን፣ 60 ሚሊዮን። ነገር ግን መኖ ዓይነት ሥራ ሽያጩ ትልቅ፣ ትርፉ ቀጭን ነው። 5,000 ብር ገብቶ 4,550ው ለበቆሎና ለፋጉሎ ይወጣል። ዕዳ የሚከፈለው ከተረፈው 450 ብር ነው፤ ከዚያም ላይ የሠራተኛው፣ የኪራዩና የግብሩ ይነሣል። ተንታኙ የሚፈልገው ከሁሉ በኋላ የሚቀረውንና የወር ክፍያውን ጎን ለጎን ማየት ነው። እኛ ምሳሌ ላይ 190 ሺህ ለ89 ሺህ ነው፤ ከእጥፍ ትንሽ ይበልጣል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በአንድ መስመር ላይ ካልተገናኙ ተንታኙ ራሱ ያገናኛቸዋል፤ ምን ቀንሶ ምን ትቶ እንደሚያገናኛቸው ግን ነጋዴዋ አታውቅም።

ሽያጩ 1,000 ኩንታል ይደርሳል የተባለውስ በምን ይታመናል? የመጀመሪያው ማጠቃለያ የሕዝብ ቁጥር ጠቀሰ። ሁለተኛው ዶሮ ቆጠረ። አንዲት የእንቁላል ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ገደማ መኖ ትበላለች፤ ስለዚህ 1,000 ዶሮ በወር ወደ 35 ኩንታል፣ 8,000 ዶሮ ደግሞ ወደ 280 ኩንታል ይፈጃል። ተንታኙ የእርባታ ባለሙያ ባይሆንም ይህን ማስላት ይችላል፤ ጥርጣሬ ከያዘውም ወደ አራቱ አርቢዎች ሄዶ ዶሮዎቹን ማየት ይችላል። ማረጋገጥ የሚቻል ትንሽ ቁጥር ማረጋገጥ ከማይቻል ትልቅ ቁጥር ይበልጣል። ማሽኑ 1,200 እያመረተ ሽያጩ 1,000 ብቻ መባሉም ሆን ተብሎ ነው። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሳይቆም ይሠራል፣ የተመረተውም ሁሉ ይሸጣል ብሎ የሚጀምር ጥናት መብራት ጠፍቶ አያውቅም የሚል ጥናት ነው።

ቀጥሎ ያለው ዓረፍተ ነገር፣ ሽያጩ ወደ 700 ቢወርድ ወይም ትርፉ ወደ 300 ቢቀንስ የሚለው፣ ብዙ አመልካች መጻፍ የሚፈራው ነው። «ድክመቴን ለምን ራሴ እናገራለሁ?» ይላል። ተንታኙ ግን ይህን ስሌት ይሠራዋል፤ ሥራው ነውና። ቀድሞ ተሠርቶ ካገኘው ከነጋዴዋ ጋር ይስማማል ወይም ያርማታል፤ ካላገኘው የራሱን ግምት ያስቀምጣል፤ የሱ ግምት ደግሞ ብዙ ጊዜ የጠነከረ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። በወር የማይቀሩ ወጪዎች፣ ደመወዝና ኪራይ ወዘተ፣ ከማስፋፊያው በኋላ 210 ሺህ ብር ናቸው እንበል። ይህን ከ89 ሺው የብድር ክፍያ ጋር ስንደምረው 299 ሺህ ይሆናል። ለ450 ሲካፈል 664 ኩንታል ይመጣል፤ ትንሽ ትንፋሽ ለመስጠት 700 ተባለ። አሁን የምትሸጠው 600 ስለሆነ ከአዲሱ ገበያ የሚያስፈልጋት 100 ኩንታል ብቻ ነው። የአርቢዎቹ ስምምነት ግማሹ ቢፈርስ እንኳ ይሞላል። ኮሚቴው ውስጥ የሚነገረው ይህ ይሆናል።

ሁለቱ መዓት አብረው ቢመጡስ? ሽያጩ 700፣ የኩንታሉ ትርፍ 300 ቢሆን 210 ሺህ ብቻ ይገባል፤ ለብድሩ የሚተርፍ የለም። ይህ ከእውነት የራቀ ፍርሃት አይደለም። የበቆሎ ዋጋ ከመኸር በኋላ ይረግብና ክረምት ላይ ይወጣል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ደግሞ የእንቁላል ገበያ ይቀዘቅዛል፤ አርቢው የመኖ ዕዳውን ያዘገያል። ለዚህ መልሱ የሥራ ማስኬጃው ላይ ነው። በቆሎ በርካሹ ወቅት ገዝቶ ማከማቸት፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊትም የአንድ ሁለት ወር ክፍያ በሒሳብ ውስጥ ማቆየት። ማጠቃለያው ላይ አንድ መስመር ይበቃዋል፤ ዝርዝሩ ውስጥ ይሂድ። የማይቻለው ነገሩን ጨርሶ ያልሰሙ መምሰል ነው።

መያዣው መጨረሻ ላይ መምጣቱ የሚገርመው አንባቢ ይኖራል። እኛ ሀገር ባንክ መጀመሪያ የሚጠይቀው ካርታ ነው ይባላል፤ ብዙም ሐሰት አይደለም። ያለ ቤት ብድር ማግኘት ከባድ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ፣ ቁጥር 1147፣ ማሽንና የጥሬ ዕቃ ክምችትን ጭምር ተመዝግበው መያዣ እንዲሆኑ ፈቅዷል፤ ባንኮች ግን አሁንም ግድግዳና ጣሪያ ያለውን ይመርጣሉ። ቢሆንም ማጠቃለያውን በመያዣው መጀመር ተንኮል አለው። «ዋጋው 8 ሚሊዮን የሚያወጣ ቤት አለኝ» ብሎ የሚከፍት ሰው ሳያስበው ሥራዬ ባይከፍል ቤቴን ሽጡት እያለ ነው። ባንክ ቤት መሸጥ አይወድም፤ ጨረታ፣ ክርክርና ዓመታት ይፈጃል። ደግሞም የቤቱን ዋጋ ባለቤቱ አይተምነውም። የባንኩ መሐንዲስ ሄዶ ይገምታል፤ ግምቱም ደላላው ከሚጠራው ዝቅ ይላል። ገጹ ላይ የተጻፈው 8 ሚሊዮን ከመሐንዲሱ 4.5 ሚሊዮን ጋር ሲጋጭ የሚጎዳው መያዣው ብቻ አይደለም፤ ሌሎቹም ቁጥሮች እንደዚያው የተጋነኑ ይመስላሉ። ስለዚህ ምን ንብረት እንደሆነ፣ በማን ስም እንዳለና ባለትዳር ከሆነ ባልየው ወይም ሚስቲቱ መስማማታቸውን ጽፎ ዋጋውን ለመሐንዲሱ መተው ይሻላል።

አሁን ወደማይወራው ነገር እንምጣ። ነጋዴዋ የዓመት ሽያጬ 36 ሚሊዮን ነው ብላለች። ለገቢዎች ያሳወቀችው ግን 15 ሚሊዮን ቢሆንስ? ተንታኙ የግብር ማሳወቂያዋን፣ የሒሳብ መግለጫዋንና የባንክ ሒሳብ እንቅስቃሴዋን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ሦስቱ ሦስት ዓይነት ቁጥር ከተናገሩ ማጠቃለያው የቱንም ያህል ቢያምር ነገሩ እዚያው ይቆማል። «የቀረው በጥሬ ገንዘብ ነው የሚሸጠው» የሚለውን ማብራሪያ ተንታኙ በልቡ ሊያምነው ይችላል፤ በሰነዱ ላይ ግን ሊጽፈው አይችልም። ይህን ቃላት መርጦ መሸፈን አይቻልም። የሚቻለው ማጠቃለያውን በወረቀት በሚታየው ሽያጭ ላይ መሥርቶ መጻፍ፣ ብድሩንም በዚያው ልክ መቀነስ ነው። ወይም ደግሞ አንድ ሁለት ዓመት ሽያጩን በባንክ ሒሳብ እያሳለፉና በትክክል እያሳወቁ ቆይቶ መመለስ። የሌላ ብድር ጉዳይም እንዲሁ ነው፤ ባንኮች በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል በኩል የማን ዕዳ የት እንዳለ ያያሉ። የተደበቀ ዕዳ መገኘቱ አይቀርም፤ ሲገኝ ከዕዳው በላይ የሚያስወቅሰው መደበቁ ነው። ካለ በአንድ መስመር መጻፍ ነው፤ ከየትኛው ባንክ፣ የቀረው ስንት፣ በወር ስንት እየተከፈለ።

ገጹ በጥራዙ መጀመሪያ ይቀመጥ እንጂ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው። የገንዘብ ፍሰቱ ሠንጠረዥ ሳያልቅ የተጻፈ ማጠቃለያ ከሠንጠረዡ ጋር ይጣላል። ፊት ላይ 3.5 ሚሊዮን፣ ገጽ 31 ላይ 3.8 ሚሊዮን፤ ፊት ላይ 5 ዓመት፣ ሠንጠረዡ ላይ 7 ዓመት። ይህ የሚመጣው ነጋዴው በመሐል ሐሳቡን ሲለውጥና አጥኚው አንዱን አርሞ ሌላውን ሲረሳ ነው። ማጠቃለያውን አትሞ እያንዳንዱን ቁጥር በእስኪርቢቶ ማክበብ፣ ከእያንዳንዱም ጎን የመጣበትን ገጽ መጻፍ ቀላል መቆጣጠሪያ ነው። ገጽ ያልተገኘለት ቁጥር ካለ ወይ ውስጥ ይጨመር ወይ ከፊት ይውጣ። እንዲያውም የገጽ ቁጥሮቹን በቅንፍ እዚያው ቢተዋቸው ተንታኙ ይጠቀምባቸዋል።

ማን ይጻፈው ለሚለው እኔ የማዳላው ለባለቤቱ ነው። አጥኚው ሠንጠረዡን ይሥራ፤ ያን ገጽ ግን ነጋዴዋ በራሷ አፍ ትናገረውና ይጻፍ። ተንታኙ ቦታው ድረስ መጥቶ «ይህቺ 450 ብር ከየት መጣች?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በቆሎውን ስንት፣ ፋጉሎውን ስንት፣ ከረጢቱን ስንት እያለች ከመልመጃዋ ሳይሆን ከዕለት ሥራዋ ከመለሰች የገጹ ቁጥር የሷ ነው። «እሱን አጥኚው ነው የሚያውቀው» ካለች ግን ጉብኝቱ እዚያው አልቋል።

አንድ ነገር ቀረ፤ የማሽኑ ዋጋ። 3.2 ሚሊዮን የተባለው ከአቅራቢው ፕሮፎርማ የተወሰደ ነው፤ ፕሮፎርማ ደግሞ የሚያገለግልበት ቀን የተወሰነ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ይለዋወጣል፤ የብድር ጥያቄ ደግሞ ለመታየት ወራት ሊወስድ ይችላል። ኮሚቴው በ3.2 ሚሊዮን የፈቀደው ማሽን በዚያ ቀን 3.7 ሚሊዮን ሆኖ ቢገኝ ጎዶሎው 500 ሺህ ብር ነው፤ እሱ ካልተሞላ ማሽኑ አይመጣም፤ እፎይታው ግን መቁጠር ይጀምራል። ስለዚህ ከዋጋው ጎን የፕሮፎርማው ቀን ይጻፍ፤ ጭማሪ ቢመጣ ማን እንደሚሸፍነውና ከምን እንደሆነም ይጨመርበት። የፕሮፎርማው ቀን ካለፈና ጥያቄው ገና ካልታየ አዲስ ፕሮፎርማ ይዞ ወደ ቅርንጫፉ መሄድ ነው፤ ሲሄዱም የተቀየረውን ሠንጠረዥ ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያውንም ገጽ አርሞ፣ አዲስ ቀን ጽፎና ፈርሞ ተንታኙ የያዘውን አሮጌ ቅጂ ማስለወጥ።